ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፦ የፒያሳ ነጋዴ ሂሳብና የኦዲተሩ አስተያየት

በ2016 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ ይሠራ የነበረ ነጋዴ ሁለት ትልልቅ ነገሮች በአምስት ወር ውስጥ ደርሰውበታል። በመጋቢት የኮሪደር ልማቱ የማፍረስ ሥራ ፒያሳ ገባ፤ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱን የመሳሰሉ ሰፈሮች ተነሡ፣ ከነዋሪው ጋር ብዙ ሱቅም ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ወደ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በሳምንታት ውስጥም 100ን አለፈ። በሁለቱ መካከል ደግሞ አብዛኛው የአገራችን ድርጅት ሂሳቡን የሚዘጋበት ቀን፣ ሰኔ 30፣ ይገኛል።

የሂሳብ ባለሙያ ከሆኑ የዚህ ቀን አቀማመጥ ወዲያው ይታይዎታል። መፍረሱ ከመዝጊያው በፊት ነው፣ የምንዛሪው ለውጥ ከመዝጊያው በኋላ ነው። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ ይህ ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት አለ ወይስ የለም? ኦዲተሩ በሪፖርቱ ላይ የሚሰጠው የአስተያየት ዓይነት የሚመረጠው የዚህ ጥያቄ መልስ ከተሰናዳ በኋላ ነው። በብዙ የኦዲት ሪፖርት ላይ የማየው ስህተት የሚጀምረው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። አስተያየቱ አስቀድሞ ይታሰባል፤ ምክንያቱ በኋላ ይፈለግለታል። ይህ ዳሰሳ መንገዱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በአንድ የፒያሳ ድርጅት ምሳሌ ይከተላል።

የሕጉ ማዕቀፍ ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሂሳብ መስፈርቶችን እንዲከተሉ አዟል፤ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም አፈጻጸሙን ይቆጣጠራል። ከመዝጊያ ቀን በኋላ የሚከሰቱ ጉዳዮችን የሚገዛው የሂሳብ መስፈርት አይኤኤስ 10 ነው፤ ኦዲተሩ በዚህ ረገድ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገረው የኦዲት መስፈርት ደግሞ አይኤስኤ 560 ነው። ስለ ድርጅቱ ቀጣይነት፣ ባለሙያዎች ጎይንግ ኮንሰርን ስለሚሉት ጉዳይ፣ ኦዲተሩ የሚመራው በአይኤስኤ 570 ነው። አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት መስፈርትም በእነዚህ ነጥቦች ላይ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነገር ይላል።

መጀመሪያ ክስተቱን ቀን ማስያዝ ያስፈልጋል። የመጋቢቱን መፍረስ ብንወስድ፣ አንዱ ክስተት በሦስት ድርጅቶች ሂሳብ ላይ ሦስት ዓይነት ቦታ አለው። ሂሳቡን ሰኔ 30 ቀን 2016 ለዘጋው ድርጅት መፍረሱ በዓመቱ ውስጥ የደረሰ ነገር ነው፤ የሱቁ መደርደሪያ፣ ክፍልፋይ፣ የመብራት ዝርጋታና ማስታወቂያ ሰሌዳ የተመዘገቡበት ዋጋ ከመዝገብ ወጥቶ በዚያው ዓመት ኪሳራ ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር ታኅሣሥ 31 ቀን 2023 (በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016) ሂሳቡን ለሚዘጋ ድርጅት ደግሞ መፍረሱ ከመዝጊያው በኋላ የደረሰ ነው፤ በመዝጊያው ቀን ሱቁ ቆሞ ነበርና ቁጥሩ አይነካም፣ በማብራሪያ ይገለጻል እንጂ። ሦስተኛው ሂሳቡ የዘገየበት ነው። የ2015 ሂሳቡ በመጋቢት 2016 ገና ያልተፈረመለት ድርጅት ከስምንት ወር በኋላ የደረሰውን መፍረስ በዚያ በዘገየው ሂሳብ ማብራሪያ ውስጥ ማስገባት ነበረበት። ኦዲት ማዘግየት ከሚያስከትላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሪፖርቱ ሳይፈረም በቆየ ቁጥር ኦዲተሩ የሚመረምረው ጊዜ አብሮ ይረዝማል።

እዚህ ላይ የአራዳ የተለየ ታሪክ አለ። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የአካባቢው ብዙ ሱቅ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ነበር። ነጋዴው ቤቱን በአነስተኛ ኪራይ ለብዙ ዓመታት ይዞታል፤ ባለቤትነት ግን የለውም። ስለዚህ ቤቱ ሲፈርስ ከመዝገቡ የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ምናልባት ከአሮጌ መደርደሪያ አይበልጥም። ያጣው ግን ቦታውን ነው። ደንበኛው የሚያውቀውን አድራሻ፣ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ተደጋግፎ የሚመጣውን ገበያ፣ በገበያ ዋጋ ቢከራይ ሊከፍለው የማይችለውን ኪራይ። ከእነዚህ አንዱም በሂሳብ መግለጫው ላይ በንብረትነት ተመዝግቦ አያውቅም። ኪሳራውን ብቻ ያየ ኦዲተር ጉዳቱ ቀላል ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የቀጣይነት ጥያቄ ግን ከትርፍና ኪሳራው መግለጫ ይልቅ በሚመጡት አሥራ ሁለት ወራት የገንዘብ ፍሰት ላይ የሚታይ ነው።

ወደ ሐምሌ 22 እንምጣ። አይኤኤስ 10 ከመዝጊያ በኋላ የሚመጡ ክስተቶችን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው በመዝጊያው ቀን የነበረን ሁኔታ የሚያስረዳ ነው፤ ይህ ቁጥሩን ያስተካክላል። ሁለተኛው ከመዝጊያው በኋላ የተፈጠረን ሁኔታ የሚያሳይ ነው፤ ይህ ቁጥሩን ሳይነካ፣ ትልቅ ከሆነ በማብራሪያ ይገለጻል። መስፈርቱ ለሁለተኛው ዓይነት ከሚሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ከመዝጊያ በኋላ የመጣ ከተለመደው ውጪ የሆነ የምንዛሪ ለውጥ ነው። ስለዚህ ሰኔ 30 ቀን የነበረ የዶላር ዕዳ በሰኔ 30 ተመን ይመዘገባል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ በዓለም ዙሪያ ሂሳባቸውን ታኅሣሥ 31 ቀን 2019 የዘጉ ድርጅቶች በአብዛኛው የሄዱበት መንገድም ይኸው ነበር፤ ወረርሽኙ ከመዝጊያ በኋላ የመጣ ነው ተብሎ ቁጥሩ ሳይነካ ተገለጸ።

አሁን ምሳሌውን እንያዝ። ቁጥሮቹ ነገሩ እንዲታይ እኔው ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ድርጅቱም እንደ ብዙዎቹ የሚሆን እንጂ አንድ የታወቀ ድርጅት አይደለም። የሕክምና መገልገያ ከውጭ አስመጥቶ ፒያሳ ውስጥ የሚሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ሱቁ በመጋቢት ፈርሶ ዕቃውን ወደ ኪራይ መጋዘን አዛውሯል። ሰኔ 30 ቀን 2016 ያለው ንብረት በመግዣ ዋጋ 14 ሚሊዮን ብር ዕቃ፣ ከሆስፒታሎችና ከክሊኒኮች የሚሰበሰብ 5 ሚሊዮን፣ ጥሬ ገንዘብ 1 ሚሊዮን እና 2 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና ነው፤ በድምሩ 22 ሚሊዮን። ዕዳው ለውጭ አቅራቢ በሰፕላየርስ ክሬዲት የሚከፈል 200,000 ዶላር ነው። በ58 ብር ሲሰላ 11.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለባንክ 4.4 ሚሊዮን አለበት። ዕዳው በድምሩ 16 ሚሊዮን ነው፤ የባለድርሻዎቹ ድርሻ 6 ሚሊዮን ሆኖ ይቀራል።

መግለጫው በወረቀት ላይ ጤነኛ ነው። ኦዲተሩ ሥራውን የሚጨርሰው ግን በጥቅምት ነው፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የዓመቱን ግብር እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ ስላለበት የብዙ ድርጅት ኦዲት በዚያ ጊዜ ይጣደፋል። በጥቅምት 2017 ለስሌት ያህል ዶላሩን በ115 ብር እንያዝ። ያው 200,000 ዶላር 23 ሚሊዮን ብር ሆነ። በሰኔ 30 ከነበረው በ11.4 ሚሊዮን ይበልጣል፤ የባለድርሻዎቹን 6 ሚሊዮን ውጦ 5.4 ሚሊዮን ይጎድላል። ይህ ልዩነት የ2017 ኪሳራ እንጂ የ2016 አይደለም። በ2016 ሂሳብ ላይ የሚገባው በማብራሪያ፣ ከነመጠኑ ነው። «የምንዛሪ ተመን ተለውጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አይበቃም፤ መስፈርቱ የክስተቱን ምንነትና በገንዘብ ሲገመት ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል። 11.4 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር በማብራሪያው ላይ መታየት አለበት።

ይህን ስንል ከባለቤቱ በኩል የሚመጣ እውነተኛ መልስ አለ፤ ዕቃውስ አልጨመረም ወይ? አዎ፣ ጨምሯል። በ14 ሚሊዮን የተገዛው ዕቃ በአዲሱ ዋጋ ለምሳሌ በ21 ሚሊዮን ይሸጣል። ነገር ግን ዕቃ በመዝገብ የሚቀመጠው ከመግዣው ዋጋ እና ተሽጦ ሊያስገኝ ከሚችለው ያነሰው ተመርጦ ስለሆነ፣ መዝገቡ ላይ 14 ሆኖ ይቆያል። ጭማሪው የሚታየው ሲሸጥ ነው። በመሆኑም የሂሳብ መግለጫውን ብቻ በማየት ድርጅቱ ይቀጥላል ወይም አይቀጥልም ማለት አይቻልም፤ የገንዘብ ፍሰት ትንበያ ያስፈልጋል። ትንበያውን የማዘጋጀት ኃላፊነት የሥራ አመራሩ ነው፣ ኦዲተሩ ይመረምረዋል። ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ወረቀት አዘጋጅተው አያውቁም፤ ኦዲተሩም ራሱ ሠርቶ ራሱ ይመረምረዋል። ይህ ትክክል አይደለም፤ በራሱ ሥራ ላይ ራሱ ምስክር ይሆናልና።

የምሳሌያችንን ድርጅት ትንበያ በአጭሩ እንሥራው። ግብርን፣ እንዲሁም ራሱን ይመልሳል ብለን አዲስ የሚገዛውን ዕቃ ወደ ጎን እንተዋቸው። በእጅ ያለው 1 ሚሊዮን፣ የሚሰበሰበው 5 ሚሊዮን፣ ከሽያጭ የሚገባው 21 ሚሊዮን ሲደመር 27 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በአንጻሩ ለአቅራቢው 23 ሚሊዮን፣ ለባንኩ 4.4 ሚሊዮን፣ ለደመወዝ፣ ለአዲሱ ኪራይና ለሌላ ወጪ በወር 600,000 ብር፣ በዓመት 7.2 ሚሊዮን ይወጣል። ድምሩ 34.6 ሚሊዮን ነው። 7.6 ሚሊዮን ብር ጎደለ። ጥርጣሬ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ አለ።

ቀጥሎ ሥራ አመራሩ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይጠየቃል። ባለቤቶቹ ሁለት ነገር ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ባንኩ የ4.4 ሚሊዮኑን ብድር መክፈያ ከአሥራ ሁለት ወሩ ውጪ ያራዝምልናል። ሁለተኛ፣ ከባለድርሻዎቹ አንዱ 5 ሚሊዮን ብር ያስገባል። ሁለቱ ቢሳኩ 9.4 ሚሊዮን ይገኛል፣ ጉድለቱም ይሸፈናል። ኦዲተሩ በዚህ ጊዜ የሚያጣራው የዕቅዱን መኖር ሳይሆን ዕቅዱ በእውነት ሊፈጸም የሚችል መሆኑን ነው። ባንኩ የማራዘሚያ ውል ፈርሟል ወይስ «ጥያቄዎ እየታየ ነው» የሚል ደብዳቤ ነው የጻፈው? ባለድርሻው የድጋፍ ደብዳቤ ፈርሟል እንበል፤ ገንዘቡስ የታለ? ቤት ሸጬ አመጣለሁ ካለ የሽያጩ ውል አለ ወይ፣ ወይስ ገዢ ገና እየተፈለገ ነው? የድጋፍ ደብዳቤ የመክፈል ፍላጎትን ያሳያል፤ የመክፈልን አቅም ግን የሚያሳየው የባንክ መግለጫ ወይም የተፈረመ ውል ነው። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስገብቶ ማለፍ በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የተለመደ ድክመት ነው።

ባለቤቱ የመፍረሱን ካሣ ወይም ምትክ ቦታ ሊጠቅሱም ይችላሉ። የመሬት ይዞታ ማስለቀቂያና ካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 መብቱን የሚሰጠው እንደ ይዞታው ዓይነት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የኪራይ ውሉና ከክፍለ ከተማው የተጻፈው ደብዳቤ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ የቤት ባለቤት የሚያገኘውን አያገኝም። መገኘቱ የተረጋገጠ ያህል ካልሆነ በቀር ካሣ በንብረትነት አይመዘገብም፤ በትንበያውም ውስጥ እንደ ገቢ መቆጠር የለበትም። አዲሱ አድራሻ በንግድ ፈቃዱ ላይ መስተካከሉም ይታይ፤ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ኦዲቱ በሚካሄድበት ጊዜ ማስረጃው ሊገኝ የሚችል ነው።

እንግዲህ ምሳሌያችን ላይ ባንኩ «እየታየ ነው» ብሏል፤ የባለድርሻው ቤትም ገና አልተሸጠም እንበል። ድርጅቱ ሊቀጥል የሚችልበት ተጨባጭ መንገድ አለ፣ ስለዚህ ሂሳቡ ድርጅቱ ይቀጥላል በሚል ታሳቢ መዘጋጀቱ ተገቢ ነው። መንገዱ መሳካቱ ግን እርግጠኛ አይደለም። መስፈርቱ ይህን ጉልህ ጥርጣሬ ይለዋል። የአስተያየት ምርጫ የሚጀምረው አሁን ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚወስነውም አንድ ነገር ነው፣ የማብራሪያው ይዘት።

ድርጅቱ በማብራሪያው ላይ ሱቁ መፍረሱን፣ የ11.4 ሚሊዮኑን ልዩነት፣ የ7.6 ሚሊዮኑን ጉድለት፣ ዕቅዱንና ዕቅዱ ገና እንዳልተረጋገጠ ጽፎ፣ ይህ ሁሉ በድርጅቱ ቀጣይነት ላይ ጉልህ ጥርጣሬ እንደሚያሳድር በግልጽ ካስቀመጠ፣ አስተያየቱ ነቀፌታ የሌለበት ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚገርምበት ነገር ነው። ኦዲተሩ አስተያየቱን ሳይለውጥ በሪፖርቱ ላይ «የድርጅቱን ቀጣይነት የሚመለከት ጉልህ ጥርጣሬ» የሚል የራሱ ርዕስ ያለው ክፍል ጨምሮ ወደ ማብራሪያው ይመራል፤ በዚህ ጉዳይ አስተያየቱ እንዳልተለወጠም ይጽፋል። ሂሳቡ እውነቱን ተናግሯል፤ ኦዲተሩም አንባቢው እንዳያልፈው ጠቆመ። ቀድሞ ይህ «ትኩረት የሚሻ ጉዳይ» በሚለው አንቀጽ ይጻፍ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው አይኤስኤ 570 የራሱን ክፍል ከሰጠው ወዲህ ግን ጉልህ ጥርጣሬን በዚያ አንቀጽ ውስጥ መሸሸግ ትክክል አይደለም።

ማብራሪያው ነገሩን በከፊል ብቻ ቢናገርስ? የምንዛሪውን ለውጥና መጠኑን ጠቅሶ፣ የባንኩ ማራዘሚያ አለመፈረሙንና ጉልህ ጥርጣሬ መኖሩን ሳይናገር ቢያልፍ፣ ሂሳቡ በዚህ ነጥብ ላይ ተሳስቷል ማለት ነው። እዚህ አስተያየቱ «ከተጠቀሰው ጉዳይ በቀር» የሚለው ይሆናል። ጭራሹን ምንም ካልተናገረ፣ መግለጫውም በጠቅላላው ድርጅቱ ችግር የሌለበት መስሎ ከቀረበ፣ አንባቢው በመሠረቱ ስለሚሳሳት አስተያየቱ «የጎላ ችግር ያለበት» ወደሚለው ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተቀረው ነገር በአንድ ቦታ የተወሰነ መሆኑ ወይም መላውን መግለጫ የሚበክል መሆኑ ነው፤ ይህን መለየት የባለሙያ ፍርድ ይጠይቃል።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። ባለድርሻዎቹ በመስከረም 2017 ተሰብስበው «ይህን ንግድ አንችለውም፣ እንዘጋዋለን» ብለው ወሰኑ እንበል። ውሳኔው ከመዝጊያው በኋላ ነው፤ በተለመደው ሕግ ቢሆን በማብራሪያ ብቻ ይገለጽ ነበር። አይኤኤስ 10 ግን እዚህ ላይ በተለየ ሁኔታ ይቆማል። ድርጅቱን ለማፍረስ ወይም ሥራ ለማቆም ከተወሰነ፣ ወይም ከዚህ ሌላ እውነተኛ አማራጭ ከሌለ፣ ውሳኔው ከመዝጊያ በኋላ ቢሆንም የሰኔ 30ው ሂሳብ ድርጅቱ ይቀጥላል በሚል ታሳቢ ሊዘጋጅ አይችልም። ንብረቱ ተሸጦ በሚያስገኘው፣ ዕዳውም በሚከፈልበት መሠረት እንደገና ይዘጋጃል። ይህን ካደረጉና በማብራሪያ ካስረዱ አስተያየቱ ነቀፌታ የሌለበት ሊሆን ይችላል፤ «ትኩረት የሚሻ ጉዳይ» የሚለው አንቀጽም እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። በቀጣይነት ታሳቢ ሠርተው ከቀረቡ ግን፣ ማብራሪያው ምንም ያህል ግልጽ ቢሆን አስተያየቱ «የጎላ ችግር ያለበት» ነው። ማብራሪያ የተሳሳተ መሠረትን አያቃናም። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ሕግ ውስጥ በጣም የሚረሳው ይህ ነው።

ሥራ አመራሩ ትንበያ አልሠራም ቢል፣ ወይም የሠራው እስከ ታኅሣሥ ድረስ ብቻ ሆኖ አላራዝምም ቢል ጉዳዩ የማስረጃ እጦት ነው። በዚህ ጊዜ እንደ ክብደቱ «ከተጠቀሰው ጉዳይ በቀር» ወይም «አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት» ይሆናል። ይህ የመጨረሻው አስተያየት ግን ነገሩ ስላስፈራ ብቻ የሚወሰድ መጠለያ አይደለም። ጥርጣሬው ከባድ መሆኑ በራሱ አስተያየት ለመከልከል አይበቃም፤ ብዙ ጥርጣሬዎች ተደራርበው አብረው የሚያስከትሉትን ማወቅ በማይቻልበት እጅግ ጥቂት ሁኔታ ካልሆነ በቀር።

ስለ ሁለተኛው ዓይነት ክስተት ይህን ያህል ካልን፣ ቁጥሩን ስለሚያስተካክለው አንድ ምሳሌ መጨመር አለብኝ፤ ሁለቱ በአንድ ደንበኛ ላይ ሲገናኙ ይምታታሉ። የድርጅቱ 800,000 ብር ዕዳ ያለበት አንድ መድኃኒት ቤት በመጋቢት ሱቁ ፈርሶ ሥራ አቁሟል እንበል፤ ሊከፍል እንደማይችል የታወቀው ግን በነሐሴ ነው። የከፋው ሁኔታ በሰኔ 30 ነበረ፣ ማስረጃው ብቻ ዘገየ። ስለዚህ ዕዳው በ2016 ሂሳብ ላይ ዋጋው ይቀነሳል። ያው መድኃኒት ቤት ሰኔ ላይ ጤናማ ሆኖ የወደቀው በሐምሌው የምንዛሪ ለውጥ ቢሆን ግን መልሱ ይለያል፤ የችግሩ ምንጭ ከመዝጊያው በኋላ የመጣ ነውና። ኦዲተሩ መጠየቅ ያለበት «መቼ ሰማን?» ሳይሆን «ችግሩ መቼ ነበረ?» የሚለውን ነው።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ኦዲተሩ ከሰኔ 30 እስከ ፊርማው ቀን ያለውን ጊዜ በተግባር መመርመር አለበት። የባለድርሻዎችን ቃለ ጉባኤ ያነባል፤ ከሐምሌ ወዲህ ያለውን የባንክ መግለጫና ወርኃዊ ሂሳብ ያያል፤ የድርጅቱን ጠበቃ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ሥራ አመራሩ ያልተነገረ ነገር እንደሌለ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ያደርጋል። ከፊርማው በኋላ ራሱ ፈልጎ የማጣራት ግዴታ የለበትም። ሆኖም ቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ ሪፖርቱን ሊለውጥበት የሚችል ነገር ከሰማ፣ ሂሳቡ ገና ባይሰራጭም ሆነ ተሰራጭቶም ቢሆን፣ ከሥራ አመራሩ ጋር ተነጋግሮ ሂሳቡ መሻሻል እንዳለበትና እንደሌለበት ይወስናል። ሪፖርቱ ሥራ አመራሩ ሂሳቡን ካጸደቀበት ቀን ቀድሞ ቀን ሊጻፍበት አይችልም። በጥቅምት 28 ተፈርሞ የነሐሴ ቀን የተጻፈበት ሪፖርት በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ያለ ምርመራ ይተወዋል።

በባለቤቱና በኦዲተሩ መካከል በዚህ ጊዜ የሚሰማው ቃል በሙያው ላሉ ሁሉ የታወቀ ነው። «ልጄ፣ ይህን ከጻፍክ ባንኩ ይደነግጣል፤ ማራዘሚያውንም አይሰጠኝም» ይላሉ ባለቤቱ። ስጋታቸው ቀላል አይደለም። መልሱ ግን ባንኩ የሚፈራው የተደበቀውን ነው የሚል ይመስለኛል። በእንግሊዝ የካሪሊዮን ኩባንያ የ2016 እ.ኤ.አ. ሂሳብ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ያለ ነቀፌታ ወጣ፤ ድርጅቱ ጥር 15 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ወደ ማፍረስ ገባ። ኦዲተሩ ኬፒኤምጂ በ2023 እ.ኤ.አ. 21 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። የተገሰጸውም ማስረጃን በበቂ ሳይጠራጠር በመቀበሉ ነበር። የእኛ ባንኮችም የብድር መኮንኖቻቸውን «ጉልህ ጥርጣሬ» የሚለውን ክፍል ሲያነቡ ድርጅቱን ከመሸሽ ይልቅ ዕቅዱን እንዲመረምሩ ቢያሠለጥኗቸው ነጋዴውም ለመናገር አይፈራም።

አዲስ የተሻሻለ አይኤስኤ 570 በ2024 እ.ኤ.አ. ጸድቋል፤ ከታኅሣሥ 15 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በኋላ ለሚጀምሩ የሂሳብ ዓመታት ይሠራል። በእኛ አቆጣጠር ይህ የሚደርሰው ሐምሌ 1 ቀን 2019 ለሚጀምረውና ሰኔ 30 ቀን 2020 ለሚዘጋው ዓመት ነው። ከትልልቅ ለውጦቹ አንዱ አሥራ ሁለቱ ወር ከመዝጊያው ቀን መሆኑ ቀርቶ ሂሳቡ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ መቆጠሩ ነው። ሂሳቡን በጥቅምት የሚያጸድቅ የአራዳ ድርጅት ትንበያውን እስከ ቀጣዩ ጥቅምት ማድረስ ይኖርበታል። የድርጅት ባለቤት ከሆኑ ይህን ትንበያ ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት፣ በነሐሴ፣ ከነባንክ ደብዳቤውና ከነኪራይ ውሉ ያዘጋጁ።